የገና እንግዶች ኢሜል በሰዓቱ እንዲመለስ

ላሊበላ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድር ሰው የገና ሥራው የሚጀምረው በክረምት ነው። ምዕመናኑ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ መጻፍ ይጀምራሉ። የብዙዎቹ ኢሜል ደግሞ ለጊዜው ምንም አይሠራበትም። «የዕረፍት ፈቃዴ ሲጸድቅ አሳውቅሻለሁ»፣ «ትኬት ስቆርጥ እጽፍልሻለሁ» ይላሉ። እንዲህ ያለው ኢሜል ኢንቦክስ ውስጥ ከተተወ በሳምንት ውስጥ ከሌሎች ሥር ይቀበራል። ስኑዝ ማድረግ፣ ማለትም ኢሜሉ ከኢንቦክስ ወጥቶ በመረጥኩት ቀን እንዲመለስ ማድረግ የጀመርኩት ለእነዚህ ነው።

ጂሜይል ላይ አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ላይ ማውሱን ኢሜሉ ላይ ስታሳርፉት በቀኝ በኩል የሰዓት ምልክት ይወጣል። ስልክ ላይ ኢሜሉን ከፍታችሁ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ትነኩና Snooze የሚለውን ትመርጣላችሁ። ከዚያ ቀንና ሰዓት ነው። ኢሜሉ ከኢንቦክስ ይወጣል፤ ቀኑ ሲደርስ ተመልሶ ከላይ ይቀመጣል። ላኪው ምንም አያውቅም። ቀጠሮውን የሚይዘው ጂሜይል እንጂ ስልካችሁ አይደለም። በዕለቱ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ኔትወርኩ ሲመለስ ኢሜሉን ከላይ ታገኙታላችሁ።

ከባዱ ነገር ቀኑን መምረጥ ነው። አንዲት ጀርመናዊት ነሐሴ ላይ ጻፈችልኝ። ለገና ሁለት ክፍል ለአራት ሌሊት ትፈልጋለች፤ ከሥራ የዕረፍት ፈቃዷ የሚታወቀው ግን ኖቬምበር 15 ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ወደዚያ አካባቢ ላስጠጋው ቢባል በጣም ይዘገያል። ያኔ ክፍሉን ለሌላ ለመስጠት ጊዜ አይኖረኝም። እኔ የምመርጠው አንድ ነገር ማድረግ የምችልበትን የመጀመሪያ ቀን ነው። ኖቬምበር 15 በእኛ ኅዳር 6 ነው። ሁለት ቀን ጨምሬ ኅዳር 8 አደረግኩት፤ ጂሜይል ላይ የሚሞላው ኖቬምበር 17 ነው።

ሰዓቱ ላይ ረጋ በሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለማለት የሚሞላው 8:00 AM ነው። 2:00 AM ብትሉት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ስትነሱ ሌሊት የገቡ ሌሎች ኢሜሎች በላዩ ተደርበው ይጠብቋችኋል። ተዘጋጅተው ከሚቀርቡት ምርጫዎች This weekend የሚለውን አልነካውም። እሱ ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚያመጣው፤ ቅዳሜ ደግሞ የላሊበላ ገበያ ነው፣ እኔም ለቤቱ አስቤዛ ላይ ነኝ።

ስኑዝ ከማድረጌ በፊት ግን አንድ ነገር አደርጋለሁ። መልሱን እዚያው ኢሜሉ ሥር ጽፌ ሳልልክ እተወዋለሁ፤ ረቂቅ ሆኖ ይቀመጣል። ለእሷ የጻፍኩት «ፈቃዱ ምን ሆነ? ክፍሎቹን እስከ ዓርብ ይዤ እቆይሻለሁ» የሚል ነበር። ስኑዝ ኢሜሉን ያመጣል እንጂ ለምን እንደመጣ አይነግርም። ከሦስት ወር በኋላ ነገሩን የሚያስታውሰኝ ያ ረቂቅ ነው። ኅዳር 8 ጠዋት ኢሜሉ መጣ፣ ረቂቁን አንዴ አንብቤ ላክሁት፤ እሷም በዚያው ቀን «እመጣለሁ» ብላ መለሰች።

ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ስኑዝ በተደረገ ኢሜል ላይ አዲስ መልስ ከገባ፣ ቀኑ ሳይደርስ ወዲያው ወደ ኢንቦክስ ይመለሳል። መልሱ «አመሰግናለሁ» ብቻ ቢሆንም ያው ነው፤ የድሮው ቀጠሮ ቀርቷል። አንብባችሁ ካለፋችሁት በቃ፣ በቀኑ የሚያስታውሳችሁ የለም። ስለዚህ እንደገና ስኑዝ ማድረግ ያስፈልጋል። የእሷን መልስ እንዳየሁ ለቅድሚያ ክፍያው ታኅሣሥ 1 ላይ፣ ማለትም ዲሴምበር 10 እንዲመለስ አደረግኩት።

አንድ አድራሻ ለሁለት የምትጠቀሙ ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እንግዳ የሚቀበለው የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን እየሮጠ መጥቶ «እትዬ፣ የጀርመኗ ሴትዮ ኢሜል ጠፍቷል!» አለኝ። አልጠፋም። በግራ በኩል Snoozed የሚለው ውስጥ ከነመመለሻ ቀኑ ተቀምጧል። መፈለጊያው ላይ `in:snoozed` ብሎ መጻፍም ይቻላል። አሁን እሱ ራሱ ሰኞ ሰኞ ዝርዝሩን ያየዋል።

የተያዘ ክፍል ግን ሁልጊዜ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስኑዝ የተደረገ ኢሜል ከዓይን የራቀ ስለሆነ፣ መዝገቡን ብቻ አይቶ ክፍል የሚሰጥ ሰው ያንኑ ክፍል ለሌላ ሊሰጠው ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ አሁንም ቁርጡ ያልታወቀ ጥያቄ ከሆነ ሦስተኛ ስኑዝ አላደርገውም። ለእንግዳው ጽፌ፣ ክፍሉን ለሌላ እንደምሰጥ አሳውቄ እለቀዋለሁ።