ሦስት ጊዜ 200 ወይስ አንድ ጊዜ 600፦ ከሁለት ሚኒባሶች ያየሁት

አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ሚኒባሶች የተማሪ ሰርቪስ እሰጣለሁ፤ አንዱ ከገርጂ፣ ሌላው ከሰሚት ልጆች ያመላልሳል። የናፍጣና የመለዋወጫ ዋጋ ሲንር የወሩን ክፍያ ከ2,000 ወደ 2,600 ብር ማድረስ ግድ ሆነብኝ። በእያንዳንዱ መኪና 12 ልጆች ስለነበሩ የገርጂውን በአንድ ጊዜ፣ የሰሚቱን ግን በኅዳር፣ በጥርና በመጋቢት 200 ብር እየጨመርኩ ለማድረስ ወሰንኩ።

ለገርጂ ወላጆች ጭማሪውን የነገርኳቸው በሐምሌ ነበር። ሦስት ቤተሰቦች ወዲያው ለቀቁ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሆኖም ጊዜው ምዝገባ የሚካሄድበት፣ ሰውም ሰርቪስ የሚፈልግበት ስለነበር እስከ መስከረም ከተለቀቁት ሦስት ወንበሮች በሁለቱ ሌሎች ልጆች ገቡ። አሥራ አንዱም እስከ ሰኔ አብረውኝ ዘለቁ።

በሰሚት የኅዳሩ ጭማሪ ያለ አንዳች ቅሬታ ስላለፈ ራሴን እንደ ብልህ ነጋዴ ቆጥሬ ነበር። በጥር አንድ ልጅ ቀረ። በመጋቢት ግን አንዲት እናት ልጃቸውን ሲያሳፍሩ በመኪናው በር ላይ ቆመው፣ «ወንድሜ፣ 200 ብሩስ ይሁን፤ የሚቀጥለው መቼ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ወር የእሳቸውን ልጅ ጨምሮ ሦስት ልጆች ለቀቁ። ወላጆቹን ያስመረረው የገንዘቡ መጠን ሳይሆን መጨረሻው አለመታወቁ ነበር፤ እኔም በየሁለት ወሩ ሌላ አማራጭ እንዲያፈላልጉ ምክንያት እየሰጠኋቸው ነበር። ምልክቱ አስቀድሞ ታይቶ ነበር፤ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ይከፍሉ የነበሩት ሰዎች ከጥር ጀምሮ ክፍያቸውን ወደ ወሩ አጋማሽ ገፍተውት ነበር።

አንድ ልጅ ቢቀነስም መኪናው ያንኑ መንገድ ስለሚሄድ ወጪው እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ የሚታየው ጠቅላላ ገቢው ነው። ድሮ ከአንድ መኪና 24,000 ብር አገኝ ነበር። በ2,600 ሂሳብ ሁለት ልጆች ቢቀነሱ 26,000 ይገባል፤ ሦስት ቢቀነሱ ግን 23,400 ስለሚሆን ከድሮው ያንሳል። ገርጂ በ11 ልጆች 28,600 ሲያስገባ፣ በስምንት ልጆች የቀረው ሰሚት ወደ 20,800 ወረደ፤ በመጋቢት ደግሞ ልጁ ሰርቪስ ያላገኘ ወላጅ ስለማይገኝ የተለቀቀው ቦታ እስከ ሰኔ ባዶውን ተጓዘ።

ሁለቱ ሰፈሮች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የልጆቹም ቁጥር ትንሽ ነው። ደንበኛ በየወሩ በሚገባበትና በሚወጣበት ሥራ፣ ለምሳሌ በጂም፣ የለቀቀውን መተካት ስለሚቻል ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አሁን ዋጋ የምጨምረው በሐምሌ ብቻ ነው፤ እስከ ሰኔ እንደማይነካም በጽሑፍ እሰጣለሁ። ይህም ዋጋ ያስከፍላል፤ ናፍጣ በዓመቱ መካከል ሲጨምር ልዩነቱ የሚወጣው ከኔው ኪስ ነው።