«ስንት ነው?» ለሚል ሰው ክፍያውን ብቻ መንገር አይበቃም

አምና አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የኮዲንግ ማሠልጠኛ ስሠራ፣ ሥራ መቀየር ለሚፈልጉ ሰዎች ተከታታይ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተነገረኝ። ሰው የሚፈራው ዋጋውንና ክብደቱን ነው፤ ፍርሃቱን የሚመልስ ነገር ጻፍ ተባልኩ። የመጀመሪያውን በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። «ኮድ ማንም ሊማረው ይችላል፣ ክፍያውም በሦስት ዙር ነው» የሚል ነበር። ብዙ ሰው አነበበው፤ ከዚያ ተነሥቶ የደወለ ግን አልነበረም።

መጻፉን አቆምኩና ሁለት ሳምንት ምዝገባ ክፍል ተቀመጥኩ። ሰው ሲደውልም ሲመጣም ጥያቄውን በራሱ አነጋገር ደብተር ላይ አሰፈርኩ። «ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ»፣ «34 ዓመቴ ነው፣ አልረፈደብኝም?»፣ «ላፕቶፕ የግድ ነው?»። አንድ ነገር ቶሎ ታየኝ። ዋጋ የጠየቀ ሰው ክፍያውን ሲሰማ ትንሽ ዝም ይልና «ሥራዬን ሳልለቅ ይሆናል?» ይላል። ያስፈራው የእኛ ክፍያ ሳይሆን ደሞዝ የሌለባቸው ወራት ናቸው። የእኔ ጽሑፍ ደግሞ ስለ እነሱ ምንም አላለም።

ከመጡት አንዷ የባንክ ቴለር ነበረች። እጇ ላይ የሚደርሰው ደሞዝ በወር 14,000 ብር ነው። ፈቃዷን ጠይቄ፣ ማንነቷን ሳልገልጽ፣ የእሷን ሒሳብ ለሁለተኛው ጽሑፍ መነሻ አደረግኩት። አብረን ወረቀት ላይ ሠራነው። የትምህርቱ ክፍያ 48,000፣ ያገለገለ ላፕቶፕ 32,000፣ ለዳታና ለትራንስፖርት በወር 2,000። የቀኑ ክፍል ስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ ለመፈለግ አምስት ወር ያዝን፤ ይህን ማሳጠር ሰውን ማታለል ነው። ሥራዋን ለቅቃ ብትገባ አሥራ አንድ ወር ያለ ደሞዝ ትቆያለች፣ ይህ ብቻ 154,000 ብር ነው። ሁሉም ሲደመር 256,000 ይመጣል። የማታው ክፍል ግን አሥር ወር ይፈጃል፣ ደሞዟም አይቋረጥም፤ ድምሩ 100,000 ብር ነው። ክፍያው በሁለቱም ያው 48,000 ሆኖ፣ ልዩነቱ ከክፍያው በሦስት እጥፍ በለጠ።

ሒሳቡን አንድም ቁጥር ሳልደብቅ አወጣሁት። የማታው የሚያስከፍለውንም አብሬ ጻፍኩ፦ በሳምንት ሦስት ምሽት ሁለት ሁለት ሰዓት፣ እሑድ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ከዚህ ውጪ ቤት ውስጥ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ልምምድ። ይህን ጊዜ ማግኘት የማይችል ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቢያውቀው ይሻላል።

ላፕቶፑ ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ ሰው ብሩን አላግባብ የሚያወጣው እዚያ ነው። ለጀማሪ የዌብ ትምህርት አዲስ ማሽን አያስፈልግም። 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ማሽን በቂ ነው። ያገለገለ ሲገዛ ዋናው ጣጣ ባትሪው ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋ ላፕቶፕ ይዞ መማር አይቻልም። ስለዚህ ሻጩ ፊት ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው ይህን እንዲጽፉ ነገርኳቸው፦

```
powercfg /batteryreport
```

ዊንዶውስ አንድ ፋይል ያወጣል፣ በብራውዘር ይከፈታል። Design Capacity ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘው ነው፣ Full Charge Capacity ደግሞ አሁን የሚይዘው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ ይጠይቁ አልኩ። ይህን አንብበው ገበያ የወጡ ሰዎች ሪፖርቱን ፎቶ አንሥተው እየላኩ «ይህ እንዴት ነው?» ይሉኝ ጀመር።

የክብደቱ ጽሑፍ ከሁሉም አስቸገረኝ። «አይከብድም» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ «ይከብዳል» ብቻ ማለት ደግሞ ምንም አይነግርም። በየትኛው በኩል እንደሚከብድ ማሳየት ነበረብኝ። ስለዚህ ትምህርት ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ተማሪ ሁለት የገንዘብ መጠን የሚደምር ነገር ጻፈ፦

```js
let a = prompt("First amount");
let b = prompt("Second amount");
console.log(a + b);
```

100 እና 50 አስገባ። 150 ሲጠብቅ 10050 ወጣለት። የስህተት መልእክት የለም፣ ቀይ መስመር የለም። አርባ ደቂቃ ያህል ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። መደመር ያቃተው መስሎት ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። መምህሯ አጠገቡ ተቀምጣ አንድ መስመር ብቻ አስጨመረችው፣ `console.log(typeof a)`። ስክሪኑ ላይ `string` የሚል ወጣ። `prompt` የሚቀበለውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ነው የሚይዘው፤ በጽሑፍ መካከል + ሲገባ ደግሞ አይደምርም፣ አንዱን በሌላው ላይ ይቀጥላል። `Number(a) + Number(b)` ሲል 150 ወጣ።

ያንን ሰዓት እንዳየሁት ጻፍኩት። ሒሳብ የሚፈራ ሰው የሚያስፈልገው ሒሳብ ይህን ያህል እንደሆነ አየ፤ መደመር ነው። የሚከብደው ግን ማሽኑ ሳይቆጣ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ፣ ራስን ሳይወቅሱ «እዚህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኛ ዘንድ ሰው መቅረት የሚጀምረው ይህ ዓይነቱ ሰዓት ሲደጋገም ነው፣ ፈንክሽንና አሬይ የሚመጡበት ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት። ስለዚህ እነዚያን ሳምንታት ለይቼ ጻፍኩ፣ መምህራኑ ከክፍል በኋላ የሚቆዩበትን ሰዓትም ጨመርኩ።

የመጨረሻው ጽሑፍ «ከጨረስኩ በኋላ ሥራ አገኛለሁ?» የሚለው ነበር። አለቃዬ «75 በመቶ» ብለን እንድናወጣ ፈለገ። ቁጥሩ የመጣው የቀድሞ ተማሪዎችን በስልክ ስንጠይቅ ነው፤ ያገኘናቸው 12 ነበሩ፣ ከእነሱ 9ኙ በሙያው እየሠሩ ነው። ግን ያንን ዙር የጀመሩት 24 ሰዎች ናቸው፣ የጨረሱት 16። 9 ከ12 ሲካፈል 75 በመቶ ነው፣ ከ24 ሲካፈል ግን 40 እንኳ አይሞላም። ሊመዘገብ የሚያስበው ሰው ደግሞ ከጀማሪዎቹ አንዱ ነው።

ቀድሞ ላምዳ ስኩል ይባል የነበረውን የአሜሪካውን የኮዲንግ ማሠልጠኛ፣ የብሉምቴክን ታሪክ ነገርኩት። በ2024 እ.ኤ.አ. የአገሩ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ርምጃ የወሰደበት፣ ተማሪው ሥራ ሲይዝ የሚከፍለውን ገንዘብ ብድር አይደለም በማለቱና ሥራ ያገኙትን እስከ 86 በመቶ እያደረሰ በማስተዋወቁ ነው። ቢሮው እንዳለው ድርጅቱ ለባለሀብቶች ያሳይ የነበረው ቁጥር ወደ 50 በመቶ የሚጠጋ ነበር። አለቃዬ ሁለት ቀን አሰበበት። በመጨረሻ አራቱንም ቁጥሮች እንዳሉ አወጣናቸው፦ 24፣ 16፣ 12፣ 9።

ከዚያ ወዲህ «ስንት ነው?» ብሎ የሚዘጋ ደዋይ ቀንሷል። ቴለሯ የማታውን መርጣ ለላፕቶፑ የእቁብ ዕጣዋን ጠበቀች። ልትመዘገብ የመጣች ዕለት ግን ወረቀታችን ላይ ያልነበረ ጥያቄ ይዛ መጣች፤ እሑድ ጠዋት ልጄን ማን ይይዝልኛል? አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እናቷ እንደሚይዙላት የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እኔ ደግሞ ሁለተኛውን ጽሑፍ ከፍቼ ከዳታው ቀጥሎ «ልጅ የሚይዝ ሰው» የሚል መስመር ጨመርኩ።