ከመንዝ ወደ ሸዋ ሮቢት፦ የመጀመሪያ መድበሌን ግጥሞች እንዴት እንደደረደርኩ

ለመጀመሪያ መድበሌ 38 ግጥሞች በእጄ ነበሩ። 30 ብቻ ገቡ፤ መጽሐፉም 48 ገጽ ሆነ። እዚህ የምጽፈው ስለ ግጥሞቹ አጻጻፍ አይደለም፤ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንዲመጣ እንዴት እንደወሰንኩ ነው። ብዙ ጀማሪ ገጣሚ ይህን ሥራ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። እኔ ግን የግጥሞቹን ግማሽ ኃይል ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው።

የተለመደው አደራደር በርእሰ ጉዳይ መከፋፈል ነው፦ የፍቅር፣ የእናት፣ የአገር፣ የተፈጥሮ። ይህ አከፋፈል ለማውጫ ይመቻል፣ ለግጥሞቹ ግን ጎጂ ነው። ስለ እናት የተጻፉ አራት ግጥሞች ተከታትለው ሲመጡ አንባቢው ሁለተኛው ላይ ነገሩን ይይዘዋል። ሦስተኛው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የተደገመ ይመስለዋል፤ አራተኛውን ደግሞ በዓይኑ ብቻ ያልፈዋል። በአንድ ነገር ላይ የተጻፉ ግጥሞች ተራርቀው ሲቀመጡ ነው የሚነጋገሩት።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ግጥም በየራሱ ወረቀት አተምኩ። ሁለት ገጽ የሚወስደውን አያያዝኩት። በየወረቀቱ ራስ ላይ በእርሳስ አራት ነገር ጻፍኩ፦ ምጣኔው (የወል ቤት፣ ሰንጎ መገን ወይስ ነጻ)፣ የሚናገረው ማን እንደሆነ (እኔ፣ እሷ፣ እኛ)፣ ግጥሙ ውስጥ በእጅ የሚያዝ ምን ዕቃ እንዳለ፣ በመጨረሻም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስንኝ ምን እንደሚያሳዩ። ከዚያ ሁሉንም ወለል ላይ ዘረጋሁ። ኮምፒዩተር ላይ የአንዱን ግጥም መጨረሻና የሌላውን መጀመሪያ ጎን ለጎን ማየት አስቸጋሪ ነው፤ ወለል ላይ ግን ወረቀት አንስቶ መቀየር ብቻ ነው።

ለመድበሉ መንገድ ያስፈልገው ነበር። ግጥሞቹ አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ ሕይወት የወጡ ስለሆኑ መንገዱ እዚያው ነበረ፦ ከመንዝ ደጋ ተነስቶ በጣርማ በር አልፎ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ መውረድ። ይህን በርእስም በመግቢያም አልነገርኩም። አንባቢው እንዲያውቀው የተውኩት የግጥሞቹ ሰዎች በለበሱት ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ግጥሞች ሰዎቹ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይደርባሉ፣ ቀጥሎ ጋቢ፣ ቀጥሎ ነጠላ፣ መጨረሻ ላይ ትከሻቸው ባዶ ነው። አንድም ቦታ «ወረድን» ሳይባል መጽሐፉ ይወርዳል። ቅደም ተከተል ሲያድግ የሚሰማው እንዲህ በዕቃ ሲታይ ነው። በሐሳብ ብቻ ከታሰረ፣ ለምሳሌ ከኀዘን ወደ ተስፋ ከተባለ፣ አንባቢው አምስተኛው ግጥም ላይ መጨረሻውን ገምቶ ይጠብቃል።

ሳይቋረጥ መውረድም ግን ያሰለቻል። ስለዚህ 22ኛው ግጥም ላይ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው አስገባሁ። እሱ በወጣ ቁጥር ልብሱ ይጨምራል። ከእሱ በኋላ ያሉት ግጥሞች እንደገና ወደ ታች ሲሉ ቁልቁለቱ አዲስ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ማስተጋባት ማለቴ ነው። ባና የሚነሳባቸው ሦስት ግጥሞች ነበሩኝ። በ3ኛ፣ በ16ኛና በ29ኛ አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያው በየወል ቤት የተጻፈ ሲሆን እንዲህ ይጀምራል፦

የእናቴ ባና፣ ሸካራ ጠጉሩ፤
እየወጋኝ ያድራል፣ ውርጭ ቁሞ ከበሩ።

እዚህ ባናው ባና ብቻ ነው። ምንም አልተሸከመም፤ ይወጋል፣ ያሞቃል፣ አለቀ። ማስተጋባት የሚፈልግ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ እንዲህ ራቁቱን መምጣት አለበት። ገና ከመጀመሪያው «የእናቴ ፍቅር እንደ ባና» ቢባል ኖሮ ነገሩ ተነግሮ አልቋል፤ በኋላ የሚመጡት የሚጨምሩበት ነገር አይተርፋቸውም።

16ኛው ደብረ ሲና ገበያ ላይ ነው። እናትዮዋ ባናውን ልትሸጥ ወርዳለች፣ ገዢው በመዳፉ ዳበስ አድርጎ «ሸካራ ነው፣ እማማ፤ ይቀንሱልኝ» ይላታል። በ3ኛው ግጥም የልጁ ሙቀት የነበረው ሸካራነት እዚህ የዋጋ መቀነሻ ሆነ። ቃሉ ያው ነው፣ የሚናገረው ሰው ግን ተለወጠ። አንድ ቃል ሲመለስ ወይ ባለቤቱ ወይ ዋጋው ካልተለወጠ መመለሱ ድግግሞሽ ነው።

29ኛው ነጻ ግጥም ነው፤ ባና የሚለው ቃል ጭራሽ የለበትም፦

ቆላ ነው፤ በሩ ክፍት ያድራል።
ጎኔን የሚወጋው አጥቼ
እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

እዚህ የተመለሱት «በር» እና «መውጋት» ናቸው። በመጀመሪያ ረቂቄ ላይ «የእናቴን ባና አጥቼ» የሚል ነበር፤ ደርድሬ ከጨረስኩ በኋላ ቃሉን አወጣሁት። 3ኛውና 16ኛው ሥራቸውን ከሠሩ ሦስተኛው ዕቃውን መጥራት አያስፈልገውም፤ አንባቢው ራሱ ይጠራዋል። ይህ ግጥም ብቻውን በመጽሔት ቢወጣ ግን ቃሉን መልሼ አስገባ ነበር፣ ምክንያቱም የሚደግፈው ሌላ ግጥም የለም። ሲደረደሩ ግጥሞቹ ራሳቸው ይለወጣሉ የምለው ለዚህ ነው።

ርቀቱስ? በመካከላቸው 12፣ 12 ግጥም አለ። ሦስትና አራት ግጥም ብቻ ቢለያያቸው አንባቢው ያስታውሰዋል፣ ነገር ግን ሆን ተብሎ እንደተቀመጠ ስለሚታወቅበት ብልሃቱን እንጂ ባናውን አያይም። ለማጣራት መጽሐፉን የማያውቅ ሰው እፊቴ ተቀምጦ እንዲያነብ አድርጌ እጁን ተከታተልኩ። ወደ ኋላ ገጽ የገለጠበት ቦታ ማስተጋባቱ የደረሰበት ነው። ከጠየቅነው ሊያስደስተን ይመልሳል፤ እጁ ግን አያዳላም።

ሳይታሰብ የሚደጋገም ቃልም አለ። የእኔ «ውርጭ» ነበር፤ በዘጠኝ ግጥም ውስጥ ገብቷል። ዘጠኝ ጊዜ የመጣ ቃል ማስተጋባቱ ይቀርና የደራሲው ልማድ ሆኖ ይታያል። በአራቱ ብቻ ተውኩት፤ አራቱም ከጣርማ በር በፊት ያሉ ናቸው። በሌሎቹ ውርጩን ሳልጠራ የሚሠራውን አሳየሁ፦ በአንድ ሌሊት የጠቆረ የባቄላ ቅጠል፣ ፍሬ ሳይዝ የነጣ የገብስ ዛላ። ከመካከል በኋላ ቃሉ ጨርሶ ስለሌለ 29ኛ ላይ ክፍት የሆነው በር የበለጠ ክፍት ይሆናል።

የግጥም መጋጠሚያ ላይ ጆሮ ከዓይን ይበልጣል። አንዱ ግጥም በ«ና» ቤት መትቶ ካበቃ ቀጣዩም በ«ና» ከጀመረ፣ ጮክ ብሎ ሲነበብ አንድ ግጥም ይመስላል። ምጣኔም እንደዚሁ ነው። ሁለት የወል ቤት ሲከታተሉ ያምራል፤ ሦስተኛው ሲጨመር 6 በ6 ቀለም የሚለው ምት አንባቢውን ይዞት ይሄድና ቃላቱን መስማት ያቆማል። ሦስተኛ ላይ ሁልጊዜ ነጻ ግጥም ወይም 5 በ5 የሚሄደውን ሰንጎ መገን አስገባሁ።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ የመጨረሻውን ስንኝ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር በቃል ማያያዝ፣ «መንገድ» ብሎ ጨርሶ በ«መንገድ» መጀመር፣ ቀላልና ደካማ ነው። የሚሻለው አንዱ የከፈተውን ጥያቄ ሌላው ባልተጠበቀ ቦታ እንዲመልሰው ማድረግ ነው። 15ኛው የጣርማ በር ግጥም «ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ ከፊቴ ድምፅ ብቻ ቀረ» ብሎ ያበቃል። 16ኛው «እማማ፣ ስንት ይሉታል?» በሚል ድምፅ ይጀምራል። ድምፁ ከጉሙ የመጣ ይመስላል፣ ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ገበያ መሆኑ ይገለጣል። እያንዳንዱ ግጥም ለየብቻው ሲነበብ ይህ ነገር የለም።

ገጹም ይወስናል፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል። ማተሚያ ቤት አንዱን ትልቅ ወረቀት አጥፎ አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ስለሚያወጣ 48 ማለት ሦስት ወረቀት ነው። ከፊት ርእስ፣ የኅትመት መረጃ፣ መታሰቢያና ሁለት ገጽ ማውጫ ገብተው አንድ ገጽ ባዶ ተትቶ ግጥሙ ከገጽ 7 ጀመረ። 20 ግጥሞች አንድ አንድ ገጽ፣ 10 ደግሞ ሁለት ሁለት ገጽ ይወስዳሉ፤ ባጠቃላይ 40። ሁለት ገጽ የሚወስድ ግጥም በግራ፣ ማለትም በተጋማሽ ቁጥር ገጽ ካልጀመረ ግማሹ ገጽ ሲገለጥ ይቆረጣል። ከዚህ የሚከተለው ሕግ ቀላል ነው፦ በሁለት ረጅም ግጥሞች መካከል የሚገቡት አጫጭሮች ወይ የሉም ወይ ሁለት ወይ አራት መሆን አለባቸው። ሦስት ከሆኑ ቀጣዩ ረጅም ግጥም በቀኝ ይጀምራል። እንዲህ ሲያጋጥም ወይ አንዱ አጭር ቦታ ይቀይራል ወይ ባዶ ገጽ ይገባል። ሁለት ትርፍ ገጽ ብቻ ስለነበረኝ አንዱን በሁለተኛው ግማሽ ለዚህ ተጠቀምኩበት፤ ሌላው መጨረሻ ላይ ቀረ። የጣርማ በሩ ግጥም በገጽ 24 እና 25 ላይ እንዲያርፍ አደረግኩ። መጽሐፉ መሃል ለመሃል በሽቦ የሚሰፋ ስለሆነ እነዚህ ሁለት ገጾች አንድ ወረቀት ናቸው፤ ደጋውና ቆላው የሚለያዩበት ግጥም ሳይቆራረጥ ተዘርግቶ ይታያል።

ስምንቱን ያስቀረሁት መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። እያንዳንዱን ከቦታው አንስቼ ከፊቱ ያለውንና ከኋላው ያለውን አገናኝቼ አነበብኩ። ምንም ካልጎደለ ቀረ። ከቀሩት አንዱ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ነበር፤ ከደጋ ወደ ቆላ መውረዱን በሙሉ በአንድ ግጥም የሚተርክ ስለሆነ በመጨረሻ ቢገባ ሌሎቹ ሲሠሩት የቆዩትን ይነግርባቸዋል። ለሌላ መድበል ተቀምጧል።

ሁሉም ሲያልቅ ማውጫውን ብቻ ለብቻው ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። ሦስት ርእሶች በ«የ» ጀምረው ተከታትለው ነበር፣ ሁለቱ ደግሞ «ሌሊት» የሚል ቃል ነበራቸው። ግጥሞቹን ሳልነካ ርእሶቹን ብቻ ቀየርኩ፤ ያ ለማተሚያ ቤት የሰጠሁት ረቂቅ ሆነ።