ማዳበሪያ ያቃጠላቸው አበቦቼ

ኮምቦልቻ ቤቴ በረንዳ ላይ 9 ፖት አበባ ነበረኝ። አሁን 7 ናቸው። ሁለቱን የገደልኳቸው ውሃ ነፍጌ አይደለም፣ አብልቼ ነው።

ባለፈው መስከረም አባቴ ለማሳው ከገዛው ማዳበሪያ የተረፈውን ዩሪያና ኤንፒኤስ በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ። ሁለቱን ቀላቀልኩና ለእያንዳንዱ ፖት አንድ የሻይ ማንኪያ አፈሩ ላይ ነስንሼ ውሃ አጠጣሁ። በሁለት ሳምንት ጽጌረዳዋ ቅጠሏ ጠቆር ብሎ አማረባት። እኔም ልቤ አበጠ። ጥቅምት ላይ ደገምኩ፣ ኅዳር ላይ ሠለስኩ።

ኅዳር ሲያልቅ አፈሩ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ሻጋታ ነው ብዬ ዝም አልኩት። ሻጋታ ግን ለስላሳ ነው፣ ጥጥ ይመስላል፣ ሲነኩት ይጠፋል። ይሄኛው በጥፍሬ ስጭረው እንደ ደረቀ ቅርፊት ተሰበረ። የሸክላው ፖት ደግሞ በውጭ በኩል ሳይቀር ነጭ ቀለበት ሠርቷል።

ቀጥሎ ውሃውን ጠረጠርኩ። የቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ይይዛል፣ ምናልባት ያው ነው አልኩ። ከቅርፊቱ ትንሽ ቆርሼ አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ከውሃ የመጣ ኖራ ቢሆን አረፋ እያወጣ ይፈላ ነበር። የኔው ጸጥ አለ። አቼቶው ብቻውን አይፈርድም፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ሊገኙም ይችላሉ። ቅጠሎቹ ግን ጥርጣሬዬን ጨረሱት። የታችኞቹ ጫፍና ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ በእጅ ሲይዙት ይፈረፈራል። ከሁሉ የገረመኝ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ መጠውለጉ ነው። እኔ ደግሞ የጠማው መስሎኝ ውሃ እጨምራለሁ። ውሃው ከሥር ሰሃኑ ላይ ይጠራቀማል፣ አፈሩም መልሶ ይስበዋል።

ምክንያቱ የገባኝ ቲማቲም ስከትፍ ነው ብል ሰው ይስቅብኛል። የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሰህ ብትተወው ውሃውን ያወጣል። ማዳበሪያም ሲሟሟ እንደ ጨው ነው። አፈሩ ውስጥ ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ሲብስም ያለውን ይነጠቃል። ውሃው ከላይ በፀሐይ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። እዚያው ላይ ይቀርና ነጭ ቅርፊት ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ ደሴ እህቴ ቤት ሄድኩ። እሷም ከዚያው ማዳበሪያ ወስዳ ነበር። አበቦቿ ግን ደህና ናቸው።

«እትዬ፣ አንቺ ስንት ማንኪያ ነው የምታደርጊው?»

«ማንኪያ? ቁንጥር ነው እንጂ! አንተ ማሳ ልታርስ ነው እንዴ?»

እሷ በሐምሌ አንዴ ብቻ ቁንጥር አድርጋ፣ ፖቶቹን ዝናብ ላይ አውጥታ ትታቸዋለች። የክረምቱ ዝናብ ትርፉን አጥቦ በቀዳዳው አስወጣላት። እኔ የጀመርኩት ዝናቡ ሲያበቃ ነው፤ በረንዳዬም ጣሪያ አለው። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፣ ውሃው ቶሎ ይተናል። ማዳበሪያው አንድ፣ ውጤቱ ሁለት።

«ማሳ» ያለችው ቃል አልለቀቀኝም። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ገበሬ ሲመከር የኖረው በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያና 100 ኪሎ ሌላ ማዳበሪያ ነው እንበል። በካሬ ሜትር 20 ግራም ማለት ነው። የኔ ፖት አፉ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ለዚያ የሚደርሰው 0.6 ግራም ገደማ ነው። የሻይ ማንኪያዬ 4 ግራም ይይዛል፣ ያውም ሳልቆልለው። በአንድ ጊዜ የማሳውን ስድስት እጥፍ ሰጥቻለሁ፣ ያውም ሦስት ጊዜ። ማሳ ላይ ሥሩ ሸሽቶ ወደ ታች ይወርዳል። ፖት ውስጥ የት ይሸሻል?

በማግስቱ ማጠብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ነጩን ቅርፊት ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ሳላሳልፍ ገፍፌ ጣልኩ። ጠልቄ ብቆፍር የላይኞቹን ሥሮች እቆርጥ ነበር። ከዚያ 5 ሊትር አፈር ለሚይዝ ፖት 10 ሊትር ውሃ፣ ማለትም የፖቱን ሁለት እጥፍ፣ በቀስታ አፈሰስኩ። አንዴ አይደለም፤ ሦስት ቦታ ከፍዬ፣ በየመሃሉ ሩብ ሰዓት እየጠበቅኩ። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ሻይ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሰሃኑን አንስቼ ነበር፣ ያ ውሃ ተመልሶ መግባት የለበትም። ሌላ ፖት ላይም አላፈሰስኩትም፣ ግቢ ውስጥ ደፋሁት።

ሁለቱ የሞቱት እዚህ ጋ ነው የተለዩት። ከቀለም ባልዲ የሠራኋቸው ናቸው፤ ከሥር አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበራቸው፣ እሷም በአፈር ተደፍናለች። ውሃው አልወጣ አለ። ስገለብጣቸው ሥራቸው ቡናማ ሆኖ በስብሷል። አሁን ባልዲ ሳዘጋጅ ጣት በሚያህል ሚስማር ስድስት ቀዳዳ እበሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ምንም ማዳበሪያ አልሰጠሁም። ይሄ ከማጠቡ በላይ ከበደኝ፤ ሰው የታመመ ሲያይ ማብላት ያምረዋል። የተቃጠለ ጠርዝ መልሶ አይለመልምም፣ ስለዚህ እሱን ማየት ትቼ አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ጠበቅኩ። ጥር ላይ ጽጌረዳዋ ጠርዙ ንጹህ የሆነ ቀንበጥ አወጣች።

አሁን የምጠቀመው ከእርሻ ግብዓት ሱቅ የሚገኘውን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም እኩል ያለበትን የሚሟሟ 20-20-20 ማዳበሪያ ነው። ኤንፒኤስ ውሃ ውስጥ ጥሩ አይሟሟም፣ ፖታሲየምም የለውም። 10 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም ገደማ፣ እበጠብጣለሁ። በሊትር ግማሽ ግራም ይሆናል። እሽጉ ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹ ነው፤ ለፖት ይበቃል። አበባ የሚያወጡት በየሁለት ሳምንቱ፣ ቤት ውስጥ ጥላ ያሉት በወር አንዴ ይጠጣሉ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ግን ቀድሜ ንጹህ ውሃ አጠጣለሁ፣ ማዳበሪያውን በማግስቱ። ደረቅ ሥር ላይ የሚፈስ ማዳበሪያ ቀጭን ቢሆንም ሊያቃጥል ይችላል። በወር አንዴ ደግሞ ከሥር እስኪወጣ ንጹህ ውሃ አፈስሳለሁ፣ የእህቴን ዝናብ መሆኑ ነው።

አዲስ አፈርና ብስባሽ የቀየርኩለት ተክል ለሁለት ወር አይነካም። ደሴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ ሲከር ተክሉ እድገቱን ስለሚያዘገይ እህቴ ጭራሽ ታቆማለች። እኔ እዚህ ሞቅ ያለው ኮምቦልቻ ላይ አራርቄ እቀጥላለሁ።

ያ ፌስታል አሁን ጎረቤቴ ዘንድ ነው። ግቢዋ ውስጥ በቆሎ ዘርታለች፣ መሬት ላይ።