ማግሪብና የብሬክ ሰዓት

ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ የነበረው ነገር ዛሬ መልክ ያዘ። የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ላውንደሪ ነው። ሺፍታችን ከቀኑ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው (ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የራት እረፍት 6 ሰዓት ተኩል፣ የ10 ደቂቃ ብሬክ ደግሞ 9 ሰዓት ላይ አለን። አብራኝ የምትሠራ፣ አንሶላ የምታጥፍ የወሎ ልጅ አለች። ሶላት አታሳልፍም።

ጁን ላይ ማንም ችግሩን አላየውም ነበር። ያኔ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው 8 ሰዓት ተኩል አልፎ ስለሆነ ፀሐይ እንደጠለቀች የሚሰገደውን ማግሪብ በ9 ሰዓቱ ብሬክ ትደርስበታለች። ዲሴምበር ሲመጣ ግን ፀሐይ ገና 5 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ራት እስኪደርስ የማግሪብ ወቅት አልፎ ቀጣዩ ሶላት ኢሻ ገብቷል። አገር ቤት እንዲህ ያለ ጣጣ የለም፤ ክረምት ከበጋ ፀሐይ ያው 6 ሰዓት አካባቢ ነው የምትገባው። አለቃችን ግን ይህን አያውቅም። «በጋውን ሙሉ ምንም ሳትይ ዛሬ ምን መጣ?» አላት። ቀጥሎም «ለአንዷ ከፈቀድኩ ሁሉም ይመጣል» ብሎ ዘጋው።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ግን ነገሩ የእኔም ነው። የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የሠራተኛውን ሃይማኖት እንዲያስተናግድ ያስገድዳል። ችግሩ በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰጠው ውሳኔ የተነሳ ቀጣሪዎች ለረጅም ጊዜ ትንሽ ወጪ እንኳ ካለበት እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። በጁን 2023 ይህ ተለወጠ። ጄራልድ ግሮፍ የሚባል የፔንሲልቬንያ ፖስታ አዳይ እሑድ አልሠራም ብሎ ሥራውን ለቅቆ ነበር። በእሱ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ቀጣሪው እምቢ የሚለው ጥያቄው ለድርጅቱ ሥራ ከባድ ተጨማሪ ሸክም እንደሚሆን ካሳየ ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባ ሃይማኖቷን ስለጠላ ማኩረፉ እንደ ሸክም አይቆጠርም። «ሁሉም ይመጣል» የሚል ስጋትም ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ ቁጭ ብለን ደብዳቤ ጻፍን። በቃል የተጠየቀ ነገር ነገ «አልሰማሁም» ይባላል። ቀኑን ጻፍን፤ ማግሪብ በወቅቱ መሰገድ ያለበት መሆኑን በሁለት መስመር አስረዳን፤ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ የ9 ሰዓቱ ብሬኳ ወደ 5 ሰዓት ተኩል እንዲዞርላት ጠየቅን። ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የመተኮሻው ማሽን ሁለት ሰው ካላጠፈለት ይቆማል፤ አለቃው የሚፈራውም እሱን ነው። ስለዚህ በእሷ ቦታ እኔ እንደምቆም፣ የእኔን ፎጣ ደግሞ ሌላ ልጅ እንደምትይዝ፣ እሷም 9 ሰዓት ላይ ሳታርፍ እንደምትሠራ ጻፍን። የማሽኑ ሥራ አንድ ደቂቃም አይጎድልም። ደብዳቤውን ለኤችአር አስገብታ ኮፒውን ቤቷ አስቀመጠች። ዛሬ ተፈቀደላት።

ሁሉም ጥያቄ እንዲህ አያልቅም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ማሽኑ ላይ የሚተካ ሰው ባይኖር ኖሮ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ቀጣሪው ችግሩን የሚፈታ ሌላ መንገድ ካቀረበም የጠየቅሽውን ያንኑ መንገድ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ይህ ሕግ ከተለመደው ብሬክ ውጭ ለሚወሰድ የሶላት ደቂቃ ደመወዝ ይክፈልም አይልም።

ስለ ሂጃቧም ባለፈው ዓመት ተነስቶ ነበር። ረጅሙ ጫፍ ሮለሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ያ ማሽን እጅ ይበላል። አውልቂ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። አንገቷ ላይ የሚያልቅ፣ ከዩኒፎርሙ ኮሌታ ስር የሚገባ አጭር ሂጃብ አመጣች፤ በዚያው ተዘጋ። እኔም ማዕተቤን ሸሚዜ ውስጥ ነው የማስገባው።

የሚያሳዝኑኝ በየሱቁና በየሬስቶራንቱ አምስት ስድስት ሆነው የሚሠሩት የእኛ ልጆች ናቸው። የፌዴራሉ ሕግ አይደርስላቸውም። በአንዳንድ ስቴት የስቴቱ ሕግ ትንንሹንም ቀጣሪ ስለሚይዝ ያንን መጠየቅ አለባቸው። ለተከለከለ ሰው ደግሞ ጊዜው አጭር ነው፤ አቤቱታው ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት መግባት ያለበት በ180 ቀን ውስጥ ነው። ተመሳሳይ የስቴት መሥሪያ ቤት ባለበት ወደ 300 ይረዝማል።

አሁን ተራው የእኔ ነው። በ2025 ፋሲካችን ከፈረንጆቹ ጋር በአንድ ቀን ስለዋለ ስቅለትን ያለ ጭቅጭቅ ሰገድኩ። በ2024 ግን የእነሱ ማርች 31፣ የእኛ ሜይ 5 ነበር፤ «ፋሲካ አልፎ የለም እንዴ?» ተባልኩ። በ2026 ስቅለት ኤፕሪል 10 ነው። ሺፍት የምትቀይረኝን ልጅ አግኝቻለሁ፤ ያቺው የወሎዋ ናት። ደብዳቤውን ሰኞ አስገባለሁ።