ሌሊቱን ለሁለት የከፈልንበት መንገድ

እናቴ በ78 ዓመቷ በስትሮክ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ከሆስፒታል ወደ እኛ ቤት ስትመጣ፣ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባት ሌሊትም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ እንድናገላብጣት ተነግሮን ነበር። እኔ ብብቷን፣ ባለቤቴ እግሯን ይዘን ስለምንጎትታት ሁለታችንም መነሣት ነበረብን፤ በዚህ ሁኔታ አምስት ሳምንት ስንቆይ ከሁለታችን አንዳችንም ጠግበን አልተኛንም። ጠዋት ጠዋት በጠፋ ቁልፍ እንኳ እንጣላ ጀመር። አንድ ቀን ባለቤቴ «እኔን ያስመረረኝ እማዬን ማስታመሙ አይደለም፤ ሁለታችንም አብረን እየነቃን አብረን መድከማችን ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ቅር ቢለኝም ነገሩ እውነት ነበር።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ እናቴን ስታጥባት ከወገቧ ዝቅ ብሎ ካለው አጥንት ላይ ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ፣ ሲነኩት የሚሞቅና ጠንከር ያለ ቦታ አገኘች። ቆዳችን ጠቆር ያለ በመሆኑ መቅላትን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይህን ምልክት በቀላሉ ያልፈዋል። ልታያት የመጣችው ነርስ ጥፋቱ መጎተታችን መሆኑን ነገረችን፤ ቆዳው ከአንሶላው ጋር ሲፋተግ ከሥር ያለው ሥጋ ይጎዳል። ከዚያም አንድ ሰው ብቻውን እንዴት እንደሚያገላብጥ አሳየችን። በምትዞርበት ጎን እቆማለሁ፤ የማዶውን ክንዷን ደረቷ ላይ አሳርፌ የማዶውን ጉልበቷን አጥፋለሁ፤ ከዚያ አንድ እጄን ትከሻዋ፣ ሌላውን ዳሌዋ ላይ አድርጌ በቀስታ ወደ እኔ አዞራታለሁ። የዳሌዋ አጥንት ሙሉ ክብደቷን እንዳይሸከም ከጀርባዋ ትራስ ደግፌ ጋደም ብቻ እንድትል አደርጋለሁ፤ በጉልበቶቿ መካከልም ሌላ ትራስ አስገባለሁ። ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግ ግን ከሥሯ የተነጠፈውን እጥፍ አንሶላ ይዘን የምናነሣት አሁንም ለሁለት ነው፤ እሱን ከመተኛታችን በፊት እንጨርሰዋለን።

ሌሊቱን መክፈል የቻልነው ይህን ካወቅን በኋላ ነው። ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ተራው የእኔ ነው፤ ከዚያ እስከ ንጋት የእሷ። ተራ ያልደረሰው ሳሎን በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ተረኛውም በየትኛው ጎን እንዳስተኛት በደብተር ይጽፋል። ደብተሩ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ «አዙረሃታል?» የሚለው ጥያቄ በእንቅልፍ ልብ ሲጠየቅ ክስ ይመስል ስለነበር።

ያልተስተካከለው እጥበቱ ነው። እናቴ በልጇ እጅ መታጠብ ታፍራለች፤ ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ ባለቤቴ ላይ ወደቀ፣ እኔም ገበያና ምግብ በመሥራት የተካስኩ መስሎኝ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ለመድኃኒት ከምትልከው ገንዘብ ጨምራ፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት መጥታ እናቴን የምታጥብ ሴት እንድንቀጥር ጠየቅኋት። እህቴ ወዲያው ተስማማች፤ ቀድሜ ያልጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። ከእነዚያ ጠዋቶች አንዱን፣ ረቡዕን፣ እኔና ባለቤቴ ወጥተን ቡና እንጠጣበታለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለታችንም ዝም ብለን ነው።