የተዋሰችው ስልክ

ዘጌ ላይ ስልኬን ያዋስኳት የጎረቤታችን ልጅ፣ አባቷ ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ የቀረጸችውን የመጀመሪያ ፊልሟን ዛሬ አሳየችኝ።

በመጀመሪያው ቀረጻ ጣና ከአባቷ ጀርባ በጠዋት ፀሐይ ያንጸባርቅ ስለነበር፣ ስልኩ ብርሃኑን በሐይቁ ልክ መጥኖ ፊታቸውን አጥቁሮታል። ቀጥላ ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣቷ ተጭና ብርሃኑን ስትቆልፈው ፊታቸው ጎልቶ ወጣ፤ ሐይቁ ግን ነጥቶ ጠፋ። እሷ ደግሞ ሁለቱንም ትፈልግ ነበር።

«አባባ፣ ፊትዎን ወደ ፀሐይ ያዙሩልኝ» ብላ እሷ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ስትቆም፣ የግንባራቸው መስመርና የውሃው ሰማያዊነት አብረው ታዩ። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ሦስት ጊዜ እየቀረጸችና መልሳ እያየች የደረሰችበት ነው። አባቷ የደንገሉን ማሰሪያ በጥርሳቸው ነክሰው ሲያጠብቁ፣ ቋጠሮው እስኪያልቅ ድረስ ቀረጻውን አላቋረጠችም።